ግልባጭ ለወላጅ ኅብረት

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በኮምፒውተር መጻፍ የለመድኩት ጂንካ ውስጥ፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለች ሱቅ ተቀጥሬ ነው። ሰው ሲያናግረኝ ከማፈሬ የተነሣ ቀና ብዬ ማየት ስለማልችል ሥራው ተስማምቶኝ ነበር። ወረቀት ይሰጡኛል፣ ጽፌ አትሜ እመልሳለሁ።

አንድ ጠዋት ከገዘር መንገድ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህሩ መጡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ኮታቸው የጠመኔ ብናኝ የለበሰ ሰው ናቸው። አብራቸው በዚያው ዓመት ከኮሌጅ ወጥታ የተመደበች መምህርት ነበረች፤ እኩያዬ ትሆናለች።

በእጃቸው የጻፉትን አራት ገጽ ዘረጉልኝ። ርእሱ «አዲስ መምህራን በነባር መምህራን እንዲታገዙ የቀረበ መነሻ ሐሳብ» ይላል።

«ቢሮው ኮንሰፕት ኖት ነው የሚለው። ከላይ እንደሱ ጨምሪበት፣ ልጄ።»

ሐሳቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ አዲስ መምህር ያንኑ ትምህርት ከሚያስተምር ነባር ጋር ይጣመራል፤ በሳምንት አንድ ቀን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፤ ለዚህም ከነባሩ ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀነስለታል። ነባሩ የአዲሱን የሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዳይሞላ ተጽፎበታል። ነጥብ የሚሰጥ ሰው ፊት ማንም ድካሙን አይናገርም ብለው ነው።

የችግሩ መግለጫ ላይ ስደርስ መምህርቷ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። አንቀጹ ስለ አንዲት አዲስ መምህርት ነው። የልጆቹን ቋንቋ፣ አሪኛን፣ አታውቅም፤ ክፍሉ ከእጇ ወጥቶ አንድ ቀን ተማሪ በዱላ መታች፤ ከዚያ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች፤ የሚያግዛት ካላገኘች ሥራውን ልትለቅ ነው።

«ይሄን ይተዉት፣ ጋሼ» አለች።

«ያለሱ ማን ያምነናል? ስምሽ እኮ የለበትም።»

«እዚያ ያለችው አዲስ መምህርት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ከጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጠረጴዛ አያልፍም። ቃሌ ነው። እንድትቀሪልን ብዬ እኮ ነው የምለፋው።»

ከእሳቸው ፊቷን መልሳ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ታድለሻል፤ እዚህ የሚንጫጫብሽ የለም።»

«ማተሚያው ይንጫጫል» አልኳት። ሳቀች። እኔም ከማላውቀው ሰው ጋር መቀለዴ ገረመኝ።

ሐሳቡ ለጽሕፈት ቤቱ የሚገባው ከመሸኛ ደብዳቤ ጋር ነው፤ ሱቃችን ውስጥ ደግሞ መሸኛ ደብዳቤ እንደ አዲስ አይጻፍም። የዚያው ትምህርት ቤት የድሮ ደብዳቤ ይከፈትና መሐሉ ይቀየራል። የእነሱ የመጨረሻ ደብዳቤ ስለ አጥር ጥገና ነበር። መሐሉን ቀየርኩ። ከታች «ግልባጭ፦ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት» የሚለው ሳይነካ እንዳለ ቀርቷል። አይቼዋለሁ። ይውጣ ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። በሩ ላይ ሦስት ወንዶች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር ፈራሁ። እሳቸው ያውቃሉ አልኩ።

ግልባጭ የተጻፈለት ሁሉ አባሪውን፣ ማለትም አራቱን ገጽ፣ ጭምር ያገኛል። በደንቡ መሠረት አባዝቼ ስቴፕል አደረግኩ። የገዘር ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋ ስለነበር ምክትሉ ቆመው ገጽ እየገለጡ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። አንዱን ለጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት አስገቡ። የቀረውን ይዘው ሄዱ፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊም ከታች እንደተጻፈው በተነችው።

የሆነውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰማሁት፤ ከራሳቸው ከምክትሉ። የኅብረቱ ሰብሳቢ ወላጆችን ጠርቶ መምህርቷ ባለችበት አንቀጹን ወደ አሪኛ እየመለሰ አነበበው። የተመታው ልጅ አባት ተነሣ።

«ልጄ ወድቄ ነው ያለኝ» አለ። «አንቺን ፈርቶ ነው ለካ!»

ከኋላ አንዲት እናት «ለዚህች አልቃሻ ሞግዚት ይቀጠርላት ነው የሚሉን?» ስትል ተሳቀ። መምህርቷ ይቅርታ ለመጠየቅ ቆማ ነበር፤ ሳቁን ስትሰማ መልሳ ተቀመጠች። በማግስቱ ፍራሿን ሚኒባስ ላይ አስጭና ሄደች። መልቀቂያ እንኳ አልጻፈችም።

ይህን የነገሩኝ ሌላ ወረቀት ሊያጽፉ መጥተው ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሐሳቡን ተቀብሏል፤ በሙከራ እንዲጀመር የጥምረት ዝርዝር ላኩ ብሏል። በአንድ በኩል የነባሮቹ፣ በሌላው የአዲሶቹ ስም። ከሳቸው ስም ትይዩ ያለው ባዶ ነበር።

«እዚህ ማንን ልጻፍ?»

«ማንንም አትጻፊ። ቦታውን ለእሷ ነበር የያዝኩት።»

እጄ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። «ግልባጭ የሚለውን ሳላወጣ የተውኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «አይቼው ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን በደንብ አየሁት። የሚቆጡኝ መስሎኝ ጠበቅኩ።

«እኔም ፈርሜበታለሁ» አሉ። «ሳላነብ።»

ሰንጠረዡን ጨርሼ አተምኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉና ከርእሱ ጀምረው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ግርጌው አነበቡ። ከዚያ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ሱቃችን አልመጡም፤ ጽሑፋቸውን ከመንገዱ ማዶ ባለ ሌላ ሱቅ ያጽፉ ጀመር።