አሰለፈች መስጊድ የገባች ዕለት

አሰለፈች ኩሩ ሴት ናት። አሶሳ ገበያ ማንጎና በርበሬ ትሸጣለች፤ ዋጋ የሚከራከራትን ሰው ቀና ብላ አታይም። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ስትመጣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ የምትንጠለጠል ልጅ ነበረች፤ ዛሬ አገርሽ የት ነው ለሚላት ሰው መልሷ አሶሳ ነው፣ በጥያቄውም ትቆጣለች። ከሁሉ ይልቅ የምትኮራው ግን አብዱልረሂም በሚባል ልጇ ነው። አልወለደችውም። አጥብታዋለች።

የበርታ ተወላጇ ጎረቤቷ ሱዓድ አብዱልረሂምን እንደተገላገለች ታማ ሆስፒታል ገባች። አሰለፈች ልጇን ሕሊናን ከወለደች ገና ክርስትና አላነሳቻትም ነበር። የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ እየሰማች የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፤ ሄዳ አምጥታ ከሕሊና ጋር ጎን ለጎን አቀፈችው። ሱዓድ ድና እስክትመለስ ሁለቱ አንድ ጡት ተጋሩ። ልጁ ሁለቱንም ሴቶች እማ እያለ አደገ። ዓምና ሱዓድ አረፈች። ዘንድሮ አብዱልረሂም ከሆሞሻ ወረዳ ልጅ አጨና ወደ አሰለፈች መጣ።

«እማ፣ ኒካሁ መስጊድ ነው የሚታሰረው። በእናቴ ቦታ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» አላት።

«ማን ሊቀመጥ ኖሯል?» አለች፣ ምንም እንዳልመሰላት ሁሉ። ሲወጣ ግን ፍርሃት ያዛት። ልጇን በሙሽራዪቱ ዘመዶች ፊት እንዳታዋርደው ነው የፈራችው። ደግሞ ልምድ አላት። አንድ ጊዜ የጴንጤው ጎረቤቷ የእዩኤል እናት ሞተው፣ አሰለፈች ለስንብቱ ወደ ጸሎት ቤታቸው ስትገባ በራፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች። እዚያ ጫማ አይወለቅም። ያ ሁሉ ሰው ቆዳና ሸራ ተጫምቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ በባዶ እግሯ ጣቶቿን ከወንበር ሥር ስትደብቅ ዋለች። እስካሁን ይሳቅባታል፤ እሷም ትስቅበታለች።

መጀመሪያ የነፍስ አባቷን አባ ኪዳኔን ጠየቀች። አባ ኪዳኔ ጥቂት አሰቡና፣ «ሂጂ» አሏት። «ማተብሽን አትበጥሺ። እነሱ ሲሰግዱ አብረሽ አትስገጂ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ልጅን መዳር ኃጢአት ነው የሚል መጽሐፍ እስካሁን አላየሁም።»

ከዚያ የሙሽራው እህት ኢኽላስ አስተማሪ ሆና መጣች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አሰለፈች ነጠላዋን መስቀልያ ትለብሳለች፤ ሁለቱ ጫፎች በሁለት ትከሻዋ ላይ ተሻግረው ይወድቃሉ፣ ከግንባሯ በላይ ሹሩባዋ ብቅ ቢል የሚናገራት የለም። ኢኽላስ ይህን አይታ ራሷን ነቀነቀች። መስጊድ ውስጥ ከፀጉር አንድ ዘለላ አይታይም፤ አንገትም አይታይም። ሻሽ አጥብቃ አሰረችላት፣ ነጠላውን ከላይ ጠመጠመችላት። ማተቧ ከሥር ተሸፈነ።

«ማተቤን ደበቅሽብኝ እንዴ?» አለች አሰለፈች።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ልብሱ ነው የሸፈነው» አለች ኢኽላስ እየሳቀች። «ስትገቢ ቀኝ እግር፣ ስትወጪ ግራ። በሚሰግድ ሰው ፊት አታልፊም። ወንድ እጅ አትጨብጪም፤ ሰላም ካሉሽ እጅሽን ደረትሽ ላይ ነው። እግርሽን ዘርግተሽ አትቀመጪ።»

አሰለፈች ሁሉንም ያዘች። በቃሏ ወጣችው። የቀራት አንድ ነገር ነው፣ እሱንም ኢኽላስ አላስተማረቻትም፤ ማንም እንዲህ ይሆናል ብሎ የሚያስብ አልነበረማ።

ዕለቱ ደረሰ። ከከሰዓቱ የዐሥር ሰላት በፊት በሴቶቹ በር ጫማዋን አውልቃ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ቀኝ እግሯን አነሳች። ከዚያ ግን እጇ የራሷን መንገድ ሄደ። ዕድሜ ልኳን የተቀደሰ ቤት ስትደርስ የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጎንበስ አለችና የመስጊዱን መቃን ተሳለመች። በግንባሯ ነካችው፣ በከንፈሯ ሳመችው።

ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ዞረው አዩዋት። ከሆሞሻ የመጡት የሙሽራዪቱ አክስት፣ ሐጃ ኒማት፣ «ምንድነው ይሄ? በር አይሳምም! ሐራም ነው!» አሉ። የአሰለፈች ፊት ጋለ። ወደ ኋላ መመለስ አማራት፤ ሆኖም ቀኝ እግሯ ምንጣፉን ረግጧል፣ እሷ ደግሞ ግማሽ መንገድ ገብታ የምትወጣ ሰው አይደለችም።

«የእግዜር ቤት ደጅ ነው ብዬ ነው። ሥርዓታችሁ ካልሆነ አይደገምም» አለችና ገባች።

ሰላቱ ሲጀመር ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተሰለፉ፤ በመሃል ክፍተት አይተውም። አሰለፈች ሰልፉን እንዳትቆርጥ ኋላ ግድግዳው ሥር እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ሲያጎነብሱም ሲሰግዱም ዓይኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ሰላቱ ሲያልቅ ኢኽላስ እጇን ይዛ ወደ ፊት፣ ወንዶቹንና ሴቶቹን ወደሚለየው መጋረጃ ሥር ወሰደቻት። ኒካሁ ሲታሰር ሁለቱ እናቶች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ሐጃ ኒማት መዳፋቸውን ባዶው ቦታ ላይ ጣሉና በተሰባበረ አማርኛቸው ተናገሩ።

«ይሄ የእናቱ ቦታ ነው። አንቺ ኋላ ይቀመጣል። ዘመድ አይደለም አንቺ፤ ልጁ እጅሽን እንኳ መንካት አይችልም።»

አሰለፈች የመጣችበት ነገር በሙሉ በዚያች መዳፍ ሥር ነበር። ሳትጮህ፣ ግን መጋረጃው ማዶ እስኪሰማ መለሰች። «ሐጃ፣ ደጁ ላይ ጥፋቴን ነገሩኝ፣ ተቀበልኩ። ይሄን ግን አልቀበልም። ልጁ ጡቴን ጠብቷል።»

ማዶ ወንዶቹ ሰሙ። ኒካሁን የሚያስሩት የሼህ ኻሚስ ድምፅ መጣ። «አብዱልረሂም፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ሼህ። እናቴ ሱዓድ ስትታመም እሷ ናት ያጠባችኝ።»

«ሁለት ዓመት ሳይሞላህ?»

«ገና የተወለድኩ ጊዜ።»

«ታዲያ ምን ትጨቃጨቃላችሁ?» አሉ ሼህ ኻሚስ። «ያጠባች እናት ናት። ልጆቿ እህቶቹ ናቸው፣ ሊያገባቸው አይችልም። ሃይማኖቷ ወተቱን አይለውጠውም። ቦታዋን ስጧት።»

ሐጃ ኒማት መዳፋቸውን አነሱ። አሰለፈች ተቀመጠች፤ ጀርባዋ ቀጥ እንዳለ፣ ነጠላዋ አንዲት ዘለላ ሳያወጣ። ማዶ የሙሽራዪቱ አባት ዓብዱልላጢፍ ልጁን ሲሰጥ፣ አብዱልረሂም በምስክሮች ፊት ሲቀበል፣ ቃል በቃል ሰማች። ዓረብኛው አልገባትም። የልጇ ድምፅ እንዳልተንቀጠቀጠ ግን ገባት፤ ያኔ ነው ዕንባዋ የመጣው። እልል ልትል አፏን ከፍታ ኢኽላስን አየቻት፤ ኢኽላስ «ውጭ ስንወጣ» አለቻት በጥቅሻ፣ እሷም ዋጠችው።

ሙሽራው ሴቶቹን ሊያመሰግን ወደ መጋረጃው ጫፍ መጣ። ዓይኑን ሰበር አድርጎ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ። ለሆሞሻ እንግዶች እንዲህ ሰላም አለ፤ ለጎረቤቶቹም እንዲህ። ሐጃ ኒማት ጋ ሲደርስ እንደዚያው እጁ ደረቱ ላይ ነበር፤ እሳቸውን መንካት አይፈቀድለትም።

ቀጥሎ አሰለፈች ነበረች። አብዱልረሂም እጁን ከደረቱ አነሳ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጉልበቱ ምንጣፉ ላይ ወረደ፣ ሁለት እጆቿን ያዘ፣ ሳማቸው፤ ራሷንም ከነሻሹ ሳመ።

«እማ፣ ተዳርኩልሽ» አላት።

ሐጃ ኒማት አዩ። ሴቱ ሁሉ አየ። አሰለፈች ቀና ብላ ወደ ሐጃ ዞረች።

«ልጄ ነው» አለች።

«ልጅሽ ነው» አሉ ሐጃ ኒማት።