ከእሷ ሌላ ማንንም የማይመስል ደብዳቤ

ቢቸና ያለችው ሱቄ ለሁለት የተከፈለች ናት። በግራ በኩል እኔ ከኮምፒውተርና ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር ስጣላ እውላለሁ፤ በቀኝ በኩል ባለቤቴ ጨው፣ ስኳር፣ እርድና ሳሙና ትሸጣለች። መብራት ሲጠፋ የእሷ ወገን ይሠራል፣ የእኔ ወገን ያዛጋል። የቤቱ አባወራ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ገበያ አስተምሮኛል። እንዲያም ሆኖ የከተማውን የድጋፍ ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተሬ ውስጥ የተዘጋጀ ጽሑፍ አለ፤ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በሥነ ምግባር የታነጸ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ» የሚል። ስሙን መቀየር፣ «ነው»ን «ናት» ማድረግ፣ ማተም። አስተማሪው ይፈርማል፣ ትምህርት ቤቱ ማኅተም ይመታል። ነርሷም፣ የባንክ ጥበቃውም፣ ሥራ ፈላጊውም እኩል ታታሪ ሆነው ከሱቄ ይወጣሉ።

አንድ ቀን ጠዋት መምህሩ ገቡ። ጡረታቸው የደረሰ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ወደ ቢቸና ከመዛወራቸው በፊት ሞጣ ብዙ ዘመን አስተምረዋል። ሰላምታ ሳይሰጡ ወንበር ሳቡ።

«አንተ ነጋዴ፣ ልጄን አስጣልክብኝ!»

«የቷን ልጅ መምህር?»

«ሞጣ ያስተማርኳትን። አምና ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል ተወዳድራ ወደቀች። ዘንድሮ ልትሞክር ሄዳ ብትጠይቅ ምን አሏት መሰለህ? ውጤትሽ ደኅና ነው፤ የመምህርሽ ደብዳቤ ግን ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ደብዳቤ ጋር በስም ብቻ ነው የሚለየው አሏት።»

ባለቤቴ ከስኳሯ ጀርባ ሳቀች። «ታዲያ ሁሉም ታታሪ ናቸዋ!»

«ሳቂ ልጄ፣ ሳቂ» አሉ መምህሩ። «እኔም እኮ ሳላነብ ነው የፈረምኩት። አሁን ግን ቀልድ የለም። ልጅቷ ተመርቃ እናቷ ቤት ተቀምጣለች። ዕድሉ የዕድሜ ገደብ አለው፤ ዘንድሮ ካመለጣት አለቀ።»

ከባሕር ዳር የተሰጠውን የደብዳቤ መመሪያ ከኪሳቸው አወጡ። ልጅቷን ከመቼ ጀምሮና በምን እንደሚያውቋት፣ በዓይናቸው ያዩትን ምሳሌ፣ ከእኩዮቿ ጋር ሲያስተያዩአት ምን እንደምትመስል ይጠይቃል። ደብዳቤውንም ራሳቸው በኢሜይላቸው ይልኩታል እንጂ በልጅቷ እጅ አያልፍም።

ቁልፎቹ ላይ እጄን አስቀምጬ ጠበቅሁ። «በጣም ጎበዝ ተማሪ ነበረች» ብለው ጀመሩ። አልጻፍኩም።

«ምነው ቆምክ?»

«መምህር፣ ገበያ ላይ ‹ጤፌ ጥሩ ነው› የማይል ገበሬ አይተው ያውቃሉ?»

«የለም።»

«ስለዚህ ማንም አይሰማውም። ገዢ የሚቆመው እፍኝ ተዘግኖ ሲያይ ነው።»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያው እፍኝ እንካ። አሥረኛ ክፍል ሳለች ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ስሠራ ተሳሳትኩ። ክፍሉ በሙሉ ስሕተቱን ገለበጠ። እሷ እጇን አላወጣችም። ተማሪው ሲወጣ ጠብቃ መጣችና ‹መምህር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቷ ተገልብጣለች› አለችኝ። ለምን ክፍል ውስጥ አልነገርሽኝም ብላት ‹ተማሪው ይስቃል፤ እየሳቀ ደግሞ ትክክለኛውን አይሰማም› አለች። በማግስቱ ራሴ አረምኩት።»

ጻፍኩት። «ይሄ ስሕተትዎ እኮ ነው መምህር፤ ይግባ?»

«ይግባ እንጂ! እኔ አይደለሁም የምወዳደረው።»

ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በፀጥታ ችግር ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ እሳቸው ገና ሞጣ ነበሩ። ልጅቷ በአንድ ወፍጮ ቤት መጋዘን የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ሒሳብ ታስተምር ነበር። ሰሌዳ የለ፣ ደብተር የለ፤ ካርቶን ዘርግታ በከሰል ትጽፋለች። ክፍልፋይ የምታስረዳቸው ዱቄት መስፈሪያ ጣሳ እየሞላችና እያጎደለች ነው። ትምህርት ሲከፈት መምህሩ እነዚያን ልጆች ፈተኗቸው፤ ወደ ኋላ አልቀሩም። ይህንን ሁሉ ከሰፈሩ ስም፣ ከወፍጮ ቤቱና ከልጅቷ ሙሉ ስም ጋር ጻፍኩና አትሜ ሰጠኋቸው። ጮክ ብለው አነበቡት።

«ይኸው!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ይሄ ደብዳቤ ከእሷ ሌላ ማንንም አይመስልም።»

ባለቤቴ ጨው መስፈሯን አቆመች። «መምህር፣ ልጅቷ አሁንም ሞጣ ናት?»

«እናቷ ቤት።»

«ወፍጮ ቤቱስ?»

ጨው ልትገዛ የቆመች ሴት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቀረች። ያን ጊዜ ማስተማር አንዱን ያስቆጣ ነበር፤ አለማስተማር ሌላውን። ማን እንደተቆጣ የሚታወቀው ከተቆጣ በኋላ ነው። ዛሬም መንገድ ላይ ስምህን የሚጠይቅህ ሰው ስምህን ለምን እንደፈለገው አይነግርህም።

መምህሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እስክሪብቶ አወጡ። «ወፍጮውን አውጣ። ሰፈሩን አውጣ። ‹ትምህርት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ› የሚለውንም አውጣ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ልጅቷ።»

እንደ አዲስ ጀመርን። «ደብተር ለሌላቸው ልጆች በካርቶንና በከሰል ስታስተምር፣ ክፍልፋይን በመስፈሪያ ጣሳ ስታስረዳ በዓይኔ አይቻለሁ» አልን። የትና መቼ እንደሆነ አላልንም። የሰሌዳው ስሕተት እንዳለ ቀረ። ከእኩዮቿ ጋር ለማስተያየት «ከሁሉም ትበልጣለች» ልንል ነበር፤ መምህሩ እምቢ አሉ። «ውሸት ነው፤ የሚበልጧት ነበሩ» አሉና ራሳቸው አስጻፉኝ፤ «ከእሷ የበለጠ ነጥብ ያመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ። ያልገባው ልጅ ከየት ላይ እንደሳተ ከእሷ ቀድሞ የሚያይ ግን አላገኘሁም።»

በትምህርት ቤቱ አርማ ወረቀት ታተመ፤ ተፈረመ፤ ማኅተም ተመታ። ስካን አድርጌ ኔትወርክ ብቅ ባለበት ቅጽበት መምህሩ ከራሳቸው ኢሜይል ላኩት።

በእኛ ቤት ደንብ ወረቀት አይጣልም። የተበላሸ ኅትመት ጠረጴዛዬ ሥር ካለ ካርቶን ይገባል፤ ባለቤቴ ከዚያ እያወጣች ጨውና እርድ ትጠቀልላለች። የቢቸና ሰው የጎረቤቱን ማመልከቻ፣ የማያውቀውን ሰው የልደት ካርድ ግልባጭ እያነበበ ጨው ይበላል። ገበያው የዋለ ዕለት ስንዘጋ ትዝ አለኝና ካርቶኑን አገላበጥኩ።

«የመምህር የመጀመሪያው ወረቀት የት ሄደ?»

«የቱ?»

«ወፍጮ ቤቱ ያለበት።»

ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጨው ስትሸጥ ነው የዋለችው።

ለመምህሩ ሄጄ ስነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሞጣ ደወሉ፤ ስልኩ አይሠራም።

ሰውየው የመጣው በማግስቱ ነው። የከተማውን ደንበኛ ሁሉ አውቃለሁ፤ እሱን አላውቀውም። ጋቢ ለብሷል፣ ጫማው ንጹሕ ነው፤ በዚያ አቧራ እንዴት ንጹሕ እንደሆነ እንጃ። የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። እጥፋቱ ውስጥ ጨው አለ።

«ይሄ ከዚህ ቤት ነው የወጣው?»

«ወረቀት ሁሉ ከዚህ ቤት ነው የሚወጣው ወንድሜ።»

«ይቺን ልጅ የት አገኛታለሁ?»

«ለምን ፈለግካት?»

«ልጆች አሉኝ። ትምህርት ካዩ ቆዩ።»

ድምፁ ለስላሳ ነው። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ያን ጊዜ አስተማሪ ፈላጊ ነበር። ግን የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ማተሚያውን ነበር።

«ሰው አይደለችም» አልኩት። «ናሙና ናት።»

«የምን ናሙና?»

«የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ለደንበኛ የማሳየው። ስሙም የፈጠራ ነው።» እንዲያምነኝ ያንን አሮጌውን ጽሑፌን አትሜ ሰጠሁት። «ይኸው፣ ይሄም ሌላው ናሙና ነው።»

ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ አነበበ፤ ሳይቸኩል፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ከዚያ አሮጌውን መለሰልኝ።

«ይሄኛው ናሙና ይመስላል» አለ። «ይሄኛው ግን ሰው ይመስላል።»

ሰው የሚመስለውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደ ባለቤቴ ዞሮ ጨው አዘዘ። እጇ ወደ ካርቶኑ ተዘረጋና አየር ላይ ቀረ።

«ጠቅልይልኝ እንጂ እመቤት፤ በወረቀት ለምጄዋለሁ» አለ። በፌስታል ሰጠችው።

የሰውየውን መምጣት ስነግራቸው መምህሩ ሰው አልላኩም። ራሳቸው በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ። እስኪመለሱ ድረስ ሱቅ ውስጥ የተቀለደ ቀልድ የለም። መንገዱ ክፍት ነው ሲባል እንጠራጠራለን፤ ተዘግቷል ሲባል እናምናለን። ሲመለሱ አቧራቸውን ሳያራግፉ ያችው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የባሕር ዳር መኪና ላይ አሳፍሬያታለሁ፤ አክስቷ ዘንድ። ውጤት ሳይወጣ ምን ብዬ ልሂድ ብላ ተከራከረችኝ። ወጥቷል አልኳት።»

«እናቷስ?»

«ቤቴን ጥዬ አልሄድም አሉ።»

«ወፍጮ ቤቱንስ አዩት?»

«መጋዘኑ ተቆልፏል። ባለቤቱ እኔ አልቆለፍኩም ይላል።» አቧራቸውን ማራገፍ ጀመሩ። «ቁልፉ አዲስ ነው።»

ብዙ ሳይቆይ ከባሕር ዳር ለመምህሩ ተደወለ። ደብዳቤው ላይ ቁጥራቸው ስላለ ሊያጣሩ ነው። ስለ ነጥቧ አልጠየቋቸውም። «መምህር፣ እውነት ሰሌዳ ላይ ተሳስተው ነበር?» ነው ያሏቸው። «ፈርሜበታለሁ እኮ» አሉ። ልጅቷ ዕድሉን አገኘች። መምህሩ ስኳር ገዝተው አከበሩን፤ ሙሉ ዋጋ ከፍለው፤ ይህም በታሪካቸው የመጀመሪያው ነው።

አሮጌው ጽሑፌ አሁንም ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ፤ አላጠፋሁትም። ድጋፍ የሚያጽፍ ሰው ሲመጣ ምን ጥሩ ነገር እንደሠራ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የት እንደሚኖር እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱን መልሱን ሰምቼ ዝም ብዬ ታታሪ አደርገዋለሁ። ጠረጴዛዬ ሥር ካርቶን የለም፤ የተበላሸው ወረቀት ምድጃ ይገባል።

ሰውየው ገበያ በዋለ ቁጥር ይመጣል። ጨው ይገዛል፣ ሳይከራከር ይከፍላል፤ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ደግሞ በተፈጥሮዬ አልወድም። ሲወጣ በር ላይ ይቆምና ፈገግ ይላል።

«ናሙናዋ ደኅና ናት?»

«ናሙና ምን ይሆናል» እላለሁ።

«እግዜር ይመስገን» ይላል። ባለፈው ገበያ ግን ሳይወጣ ቆየ። ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና፣ «እናቷስ?» አለኝ።