ክዳኑ አይበላም

ምግብ ቤቱ ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራውም። ማብራሪያ ነው የሚሉት። ውሃ አምጣልኝ ካላችሁት ብርጭቆውን ከማስቀመጡ በፊት ውሃው ለምን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይነግራችኋል። አሥራ አንድ ዓመት አስተናግዷል። ትምህርቱን ብዙም አልገፋበትም፣ ግን ሁለት የውጭ ቋንቋ ከጠረጴዛ ለቅሟል፤ አንዱን ከቱሪስት፣ ሌላውን መንገድ ከሚሠሩ መሐንዲሶች። ሲናገር ቃሉ ይሰባበራል፣ ሐሳቡ ግን ሳይሰበር ይደርሳል።

የቤቱ ዋና ምግብ ድፍን ይባላል። ሥጋና አትክልት ከተፈጨ ኦቾሎኒ ጋር ትንሽ የሸክላ ድስት ውስጥ ይገባና የድስቱ አፍ ጨው በበዛበት ወፍራም ሊጥ ግጥም ተደርጎ ይደፈናል። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ሦስት ሰዓት። ሊጡ እንፋሎቱን አምቆ ለመያዝ ነው፣ ለሆድ አይደለም፤ ሲወጣ ጡብ ነው። አበላሉም ወግ አለው። አስተናጋጁ ድስቱን አስቀምጦ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው እንፋሎት የእንግዳው ነው። እንግዳው ክዳኑን በማንኪያ ጀርባ ይሰብርና ስብርባሪውን ለቅሞ ሳህን ላይ ያደርጋል፣ ከዚያ ውስጡን ይበላል። የሰፈሩ ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው።

ድፍንን የሚሠሩት ደግሞ የማብራሪያ አማት ናቸው። ሴትዮዋ በእጃቸው ቀልድ አያውቁም። ልጃቸውን ሲድሩለት እንኳን "የሰጠሁህን አክብረህ ያዝ፣ ድፍኔን ግን አትንካ" ብለውታል።

ችግሩ የመጣው ከውጭ እንግዶች ነው። ድፍን ያዛሉ፣ ጥቂት ይቀምሳሉ፣ "ጨው!" ብለው ይመልሳሉ። አንድ ሰሞን በሳምንት አንድ ነበር፣ አሁን በቀን ሁለት ሦስት ሆነ። አማትየው ጨው ቀነሱ። ተመለሰ። ደግመው ቀነሱ። አሁንም ተመለሰ። ጭራሽ የሰፈሩ ደንበኞች "ምነው እማማ፣ አመመዎት እንዴ? ወጡ ውሃ ውሃ አለን" ማለት ጀመሩ። እሳቸውም ማንኪያ ይዘው ምድጃው ሥር ቆመው ይቀምሳሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ደግመው ይቀምሳሉ። የገዛ ምላሳቸውን መጠራጠራቸው ነው ማብራሪያን ያስፈራው።

ሰኞ ዕለት ባለቤቱ ወጥ ቤት ድረስ ገባ።

"እማማ፣ አይቀየሙኝ። ሐሙስ አዲሱ ሜኑ ማተሚያ ቤት ይገባል። ድፍን አይኖርበትም።"

"ድፍን ከወጣ እኔም ወጣሁ" አሉና ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

"ጋሼ፣ ቆይ እስቲ ላብራራልህ..." አለ ማብራሪያ።

"አንተ ደግሞ! ሁለት ቀን አለህ፣ ምን እንደምታብራራ አያለሁ።"

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው የውጭ ሰውዬ ድፍን አዘዙ። ማብራሪያ እንደ ወጉ አስቀምጦ ዞረ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ሶፍት እንደረሳ ትዝ አለው። ሲመለስ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ሰውዬው ክዳኑን በቢላዋ እንደ መጋዝ እየገዘገዙ ቆርሰው አፋቸው ውስጥ ከተዋል። ጉንጫቸው ተነፍቷል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ ግን ጨዋ ናቸውና ያኝካሉ።

"ኧረ ጌታዬ! ይትፉት!"

ሰውዬው ተፉትና ውሃ ጠጡ። ከዚያ ሜኑውን ከፍተው በጣታቸው ጠቆሙት። በሳቸው ቋንቋ "የሥጋ ዳቦ" ይላል። አገራቸው የሥጋ ዳቦ አለ፤ ሥጋው በሊጥ ተሸፍኖ ይጋገራል፣ ቅርፊቱ ደግሞ የምግቡ ንጉሥ ነው፣ ልጆች የሚጣሉበት። ስለዚህ ማንም የውጭ እንግዳ ቅርፊቱን ነበር ቀድሞ የሚበላው። ፊቱን አዙሮ የሚሄድ አስተናጋጅ ደግሞ ይህን ከየት አባቱ ያያል? ድስቱ ሲመለስም የክዳኑ ስብርባሪ ያው ስብርባሪ ነው፣ ማን ቆጠረው?

ማብራሪያ ጆሮው ጋለ። "የሥጋ ዳቦ" ብሎ ሜኑው ላይ የጻፈው ማን ሆነና! ራሱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ልክክ የሚል ስም አገኘሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ።

ወጥ ቤት ገብቶ አማቱ ፊት ቆመ።

"እማዬ፣ ጨውዎ ላይ ምንም ጥፋት የለም። ክዳኑን ነው ሲበሉት የኖሩት።"

"ክዳኑን? ሰው ክዳን ይበላል?"

"ዳቦ ነው ብዬ ጽፌላቸው እኮ ነው።"

ጭልፋቸውን አስቀመጡ። "አራት ዓመት ሙሉ! አራት ዓመት ምላሴን ስጠራጠር! አንተ ውሃን የምታብራራ ሰውዬ፣ የኔን ድስት ማብራራት አቃተህ?"

ማብራሪያ ወረቀት ይዞ ተቀመጠ። መጀመሪያ ስልኩ እንዲተረጉምለት "ድፍን" ብሎ ጻፈበት። ስልኩ "የተዘጋ ቱቦ" አለው። ስልኩን ኪሱ ከተተው። እነሱ ዘንድ የሌለ ነገር ስም ፍለጋ መባዘን ምን ያደርጋል፣ ድፍን ድፍን ተብሎ በየፊደላቸው ይጻፍ፣ ከሥሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚበላ ይነገር አለ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጻፈ። አንድ ሙሉ ገጽ!

ረቡዕ ጠዋት ቁርሷን እዚያ የምትበላ የውጭ ሴት ነበረች፣ የሆስፒታል ማሽን የምትጠግን። ድፍን በልታ አታውቅም። እሷን መረጠ፣ የሚያውቅ ሰው የጎደለውን አያይማ።

አነበበችና ሳቀች። "ይህን አንብቤ እስክጨርስ ምግቡ ይበርዳል።"

ቆርጦ ቆርጦ ሦስት መስመር አደረገው። "እሺ፣ አሁን ምን የሚመጣልሽ ይመስልሻል?"

"ሾርባ።"

"አይ! ወፍራም ነው፣ ማንኪያ ቢያቆሙበት ይቆማል።"

"ታዲያ ወፍራም በላ። ደግሞ 'ልዩ መረቅ' ያልከው ምንድን ነው ውስጡ?"

"ኦቾሎኒ።"

ፊቷ ተለወጠ። "እህቴ አንድ ማንኪያ ብትቀምስ ትንፋሽ ያጥራታል። ይህ ሳይጻፍ ይቀራል እንዴ?"

ማብራሪያ ብዕሩን እንደገና አነሳ። ሌላውን ቋንቋ ደግሞ ከመሐንዲሶቹ አንዱ ጋ ወስዶ አስነበበ። እነሱ ዘንድ የሸክላ ድስት የሚባል ነገር ስለሌለ "በእሳት ከተተኮሰ ጭቃ የተሠራ ማሰሮ" ብሎ መጻፍ ግድ ሆነ። ሁለቱ ቋንቋ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አልወጣቸውም፣ የሚመጣው ድስት ግን አንድ ነው። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

"ድፍን። ሥጋና አትክልት፣ በወፍራም የኦቾሎኒ መረቅ፣ በሸክላ ድስት ተደፍኖ የበሰለ። የሊጡን ክዳን በማንኪያ ጀርባ ይስበሩና ያንሱ፤ ክዳኑ አይበላም። ኦቾሎኒ አለበት።"

ባለቤቱ አነበበውና ጢሙን ዳበሰ። "ዛሬ ምሳ ካርድ ላይ በእጅ ጽፈህ ጠረጴዛ ላይ አድርግ። አንድ ድስት ቢመለስ ግን አለቀ።"

ምሳ ላይ ሦስት የውጭ እንግዶች ድፍን አዘዙ። ማብራሪያ አስቀመጠ፣ ዞረ፣ ሄደ። አንገቱ ግን አልታዘዘውም፣ ከበሩ ጀርባ ተንጠራርቶ ያያል። አማቱም በወጥ ቤቱ መስኮት። ባለቤቱም ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ።

አንዷ ካርዱን አነበበች። ማንኪያዋን ገለበጠች። ቋ! ክዳኑ ተሰነጠቀ፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው፣ "ኡ!" አለች እየሳቀች። ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመችና መብላት ጀመረች። በላች። በላች። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ማብራሪያን ጠራችው። ሮጦ ደረሰ።

"ይቅርታ፣ ትንሽ ጨው ይኖራል?"

ባለቤቱ ሳቁን መያዝ አቃተው። "ይታተም!" አለ ከቦታው ሆኖ።

ድስቶቹ ተልሰው ገቡ፣ አጠገባቸው የክዳን ስብርባሪ ብቻ። አማትየው አዩት፣ አንድም የጥርስ ምልክት የለበትም። የጨው ዕቃቸውን አወረዱና በቀጣዩ ድስት እንደ ድሮው፣ እንደ እጃቸው፣ ቆንጠር አድርገው ጨመሩ። በጭልፋ ጫፍ ቀድተው ወደ አማቻቸው ዘረጉ።

"እማዬ፣ ይህ ማለት እኮ..." ብሎ ጀመረ።

"ዝም ብለህ ቅመስ" አሉት።

ቀመሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያብራራው አጣ።