ሁለቱን ገጣሚዎች ያስታረቅንበት ቅዳሜ

የአማርኛ መምህራችን ስለ ዝናብ የተገጠሙ ሁለት ግጥሞች ሰሌዳ ላይ ጽፈው «የንጽጽር ድርሰት ጻፉባቸው» ሲሉን ናቅሁት። ዘመኑ የደርግ ነው፣ እኔ ጂንካ ውስጥ ቤት ተከራይቼ የምማር የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ በዚያ ላይ ጉረኛ ነበርሁ። የመጀመሪያው ግጥም እንዲህ ይጀምራል፦

ግባ እንግዳዬ፣ ደጄ ላይ አትቁም፤
አንተ ሳትመጣ፣ ማሳው አይቀምስም።

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ፦

መንገዴን የሰረቅህ፣ ድልድዬን የበላህ፣
ዝናብ ሆይ፣ ዳኛ ፊት መቼ ትቀርባለህ?

ስለ መጀመሪያው ሁለት ገጽ፣ ስለ ሁለተኛው ሁለት ገጽ ጻፍሁና መሀላቸው ላይ «በሌላ በኩል» የሚል ቃል ሰክቼ በኩራት አስረከብሁ። ከሃያ ስድስት አገኘሁ።

«ይኼ እኮ ሁለት ድርሰት ነው» አሉኝ መምህሩ። «የመጀመሪያውን በዘይቤው መዘንሽው፣ ሁለተኛውን በቤት አመታቱ። ሁለቱን በአንድ ነገር ሳትመዝኚ ምኑን አነጻጸርሽው? ለሰኞ አስተካክለሽ ካላመጣሽ ስድስቷ ትጸናለች።»

ስድስቷ ከጸናች አማርኛ እወድቃለሁ፣ ክፍል እደግማለሁ። አባቴ ደግሞ «ክፍል ከደገምሽ ኮተትሽን ሰብስበሽ መንደርሽ ገዘር ትገቢያለሽ» ብሎኛል። አባቴ በመንደራችን የታወቀ ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሱ ፊት ሲሆን ከተናገረው ቃል ፍንክች አይልም።

ቅዳሜ ኮረሪማ ሊሸጥ ገበያ መጥቶ ቤቴ ጎራ ሲል ደብተሬ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ አገኘኝ። የሆነውን ነገርሁት። ማንበብ ስለማይችል «በይ አንብቢልኝ» አለ፤ አራቱን ገጽ ከነግጥሞቹ ወደ ቋንቋችን ወደ አሪኛ እየመለስሁ አነበብሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ተናደድሁ።

«ያንን የመጀመሪያውን ሰው ለምን ይህን ያህል አስለፈለፍሽው?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እኛ ስናስታርቅ አንዱን ብቻ እስኪጨርስ አናስወራም። ስለ ላሟ ይናገራል፣ ያኛው ስለ ላሟ ይመልሳል። ከዚያ ስለ አጥሩ ይናገራል፣ ያኛውም ስለ አጥሩ ይመልሳል። አንዱ ስለ ላም ሌላው ስለ አጥር ቢያወሩ መቼ ይታረቃሉ?»

እንደገና ልጽፍ ተቀመጥሁ። በመጀመሪያው አንቀጽ ዝናብን በምን እንደመሰሉት ጻፍሁ፦ ይኼኛው በእንግዳ። «ያኛውስ ምን አለ?» ይላል አባቴ። በአንጻሩ ያኛው በሌባ። በሚቀጥለው አንቀጽ ስሜታቸውን አመጣሁ፦ ይኼኛው ይለማመጣል። «ያኛውስ?» ያኛው ይከሳል። ሦስት ነጥብ ላይ ሦስት ጊዜ «ያኛውስ?» አለኝ፤ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በሩ ላይ የሚጠይቀኝ መሰለኝ።

«የሚስማሙበት ነገር የለም?»

«ሁለቱም ዝናብን እንደ ሰው ነው የሚያናግሩት።»

«ጎሽ። የመጀመሪያው ሰውዬ የት ሆኖ ነው የሚናገረው?»

«ቤቱ።»

«ሁለተኛውስ?»

«መንገድ ላይ።»

«ታዲያ ምን ያጣላቸዋል? ዝናቡ አንድ ነው፣ እነሱ የቆሙበት ነው የተለያየው» አለና ኮረሪማውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ያንን ዓረፍተ ነገር መግቢያው ላይ የድርሰቱ ዋና ሐሳብ አድርጌ አሰፈርሁት።

ችግሩ የመጣው መደምደሚያው ላይ ነው። «ስለዚህ ሁለቱ ግጥሞች...» ብዬ ስጀምር አባቴ ሸክሙን መልሶ አወረደ። ሰዎቹ ሳይታረቁ ከቤቴ አልወጣም አለ። ገበያው ሊበተን ነው ብለው አልሰማኝም። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ስለዚህ ሁለቱ ገጣሚዎች በዝናብ ምክንያት ዳግመኛ ላይጣሉ ታርቀዋል። ሁለተኛው ገጣሚ ዝናብን ሌባ ብሎ ስለሰደበ አንድ ቅል ማር ይካስ።» ያኔ ወደ ገበያው ሄደ።

ሰኞ መምህሩ በጸጥታ አነበቡና መጨረሻው ላይ ሲደርሱ በሳቅ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። መደምደሚያውን በቀይ ሰርዘው ከሥሩ ጻፉበት፦ «ገጣሚዎቹ አልተጣሉም። መደምደሚያ ንጽጽሩ ምን እንዳሳየ ይናገራል እንጂ ካሳ አይፈርድም። አወቃቀሩ ግን በጣም ጥሩ ነው።» ከሃያ አስራ አምስት። ገዘር መግባቴ ቀረ፣ እኔም ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ስለ ውጤቴ አልጠየቀኝም። ገና ደጃፍ ላይ ሆኖ «ታረቁ?» አለኝ።

ሰረዙብን ልለው አስቤ ነበር። ፊቱን አየሁና «ታርቀዋል» አልሁት።

ከጋቢው ሥር አንድ ቅል ማር አወጣ። «ያ ሁለተኛው መንገደኛ ነው፣ መንገዱንም ውሃ ወስዶበታል፤ ማር ከየት ያመጣል ብዬ እኔ ከፈልሁለት። ለመምህርሽ ስጪ፣ እሳቸው ያደርሱታል።»

ማሩን ብቻዬን ጨረስሁት። አባቴ እስኪሞት ድረስ የእነዚያን ሁለት ሰዎች ደህንነት ሳይጠይቀኝ የቀረበት ጊዜ የለም፤ እኔም ተስማምተው እየኖሩ ነው እለው ነበር።