እምቢ ማለት ይቻላል የሚል ወረቀት

እስራኤል አገር፣ ቅርያት መላኪ ከተማ ባለው ክሊኒክ በሐኪሞቹና ከኢትዮጵያ በመጣነው በእኛ ሰዎች መካከል የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ አልዋሹም። የዚያን ቀን ግን የተቆጣሁት በራሴ ነበር።

ያቭነ ከተማ ያደገችው ወጣት ዶክተራችን እግራቸውን ለሚያማቸው የስኳር ሕመምተኞች የአዲስ መድኃኒት ጥናት ልትጀምር ነበር። ሰው ጥናቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚፈርመውን ሃያ ገጽ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ቃል በቃል የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። መጀመሪያ የመጡት የክሊኒኩ ሰፈር ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው የማያይ ባለቤታቸውን እየመሩ። አነበብኩላቸው። በየመስመሩ «እሺ፣ እሺ» ብለው እስክሪብቶ አነሱ።

«አባ፣ ይቆዩ እስቲ። ምን ሊደረግ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! ዶክተሯ አዲስ መድኃኒት ልትሰጠኝ ነው። ሐኪም እምቢ ይባላል እንዴ?»

ኧረ ጉድ! ወረቀቱ የሚለው ሌላ፤ ጥፋቱም የእኔ የቃል በቃል ትርጉም ነበር። ለዶክተሯ ስነግራት «እንዲህማ አይፈርሙም» ብላ እስክሪብቶውን ተቀበለቻቸው።

ገዴራ ከተማ ያለው ቤቴ ገብቼ ሃያውን ገጽ በታተንኩት። አጫጭር ክፍሎች አደረግሁት፣ በየክፍሉ አናት ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ፦ ለምን ይጠናል? ምን ይደረግብኛል? ምን ሊጎዳኝ ይችላል? እምቢ ብልስ? የመጨረሻውን ወደ ፊት አመጣሁት። አልፎ አልፎ ጉበት ሊጎዳ ይችላል የሚለውን ግን ዘለልኩት፤ በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዲህ ፊት ለፊት አይነገርም። ጥናቶችን የሚመረምረው ኮሚቴ ሳያጸድቀው ወረቀቱ ሥራ ላይ አይውልም። ከሳምንታት በኋላ መለሰልን፤ የጉበቱ ነገር ይግባ አለ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ኋላ አፈርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው! አስገባሁት፣ ጸደቀ።

ሽማግሌው ከነባለቤታቸው ተመልሰው መጡ። አንድ ክፍል ባነበብኩ ቁጥር የገባቸውን በራሳቸው አፍ ይነግሩኛል። እዚህ ላይ ስደርስ ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ፦ «አሁን የሚወስዱት ማስታገሻ ለሁለት ሳምንት ይቆማል። ሕመሙ ሊብስ ይችላል። ከዚያ በዕጣ፣ ግማሹ ሰው አዲሱን መድኃኒት፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ይወስዳል። የትኛው እንደደረስዎ ዶክተሯም አታውቅም።»

«እግሬ ከከዳኝ እሷን ማን ይመራታል?» አሉ ወደ ባለቤታቸው እያዩ። «እስቲ ያንን የእምቢታውን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው፦ «ምክንያት አይጠየቁም። ሕክምናዎ እንደነበረው ይቀጥላል።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «አይክፋሽ ልጄ፣ አልፈርምም።»

ተረጎምኩላት። «ቤሰደር» አለች፣ በዕብራይስጥ «እሺ» ማለቷ ነው፣ እጃቸውን ጨብጣ፤ የተለመደውን መድኃኒታቸውን ጻፈችላቸው።

በር ድረስ ሸኘኋቸው። «እዚህ አገር ስንት ወረቀት ፈርሜያለሁ» አሉኝ። «እምቢ ማለት እንደምችል የነገረኝ ይኼ ብቻ ነው።» ያልፈረሙትን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የባለቤታቸውን እጅ ይዘው ወጡ።