ለኮሚቴው የጻፍኩት፣ ለእሷ ያልነገርኳት

መካነ ሰላም በሐኪምነት ስሠራ ያደከመኝ በሽተኛው አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመላላሽ ክፍሉ ቀለል ሲል በር ላይ የሚቀሩት አብዛኞቹ ሊታከሙ ሳይሆን ሊያስጽፉ የመጡ ናቸው። ለፍርድ ቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጡረታ፣ ለሴፍቲኔት። ሁሉም "ጠንከር አድርገው ይጻፉልኝ" ይላሉ። እኔም ሲደክመኝ ጠንከር አደርገዋለሁ፤ ከመከራከር ይቀላል።

ስለ አንዲት ሴት ነው የማወራው። በአቀስታ መንገድ ካለ አንድ ቀበሌ በሚኒባስ ትመጣ ነበር፣ አሮጊት እናቷን አስከትላ። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ፣ መስኮት ስታጸዳ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀች። ወገቧ ተሰበረ፤ እዚያው ቀዶ ጥገና ተደርጎላት በቃሬዛ አገሯ ገባች። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት፣ ግራ እግሯን ሜዳ ላይ እንኳ እየጎተተች ነው የምትሄደው።

ቤታቸው ሴፍቲኔት ውስጥ ተመዝግቧል። ሴፍቲኔት ሁለት መንገድ አለው። ጉልበት ያለው ሰው ያለበት ቤተሰብ እርከን ሠርቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የስንዴ እርዳታውን ይቀበላል። ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ሳይሠራ በቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። እናቷን እርጅና ነፃ አውጥቷቸዋል። እሷ ግን ዕድሜዋ ታይቶ ጉልበት ያላት ተብላ ከሚሠሩት ጋር ተጻፈች። እርከኑ ላይ ካልተገኘች ስንዴው ይቀራል፤ ስንዴው ከቀረ እናትና ልጅ የሚበሉት የላቸውም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ በአምስት ደቂቃ ጻፍኩት፤ በእንግሊዝኛ። ለቀበሌ ኮሚቴ በእንግሊዝኛ የመጻፍን ጥበብ እኛ ሐኪሞች ከየት እንዳመጣነው እንጃ። "ሙሉ በሙሉ አካል ጉዳተኛ ናት፣ ምንም ዓይነት ሥራ መሥራት አትችልም" የሚል ነበር። ማኅተም አስመታሁ፣ ፖስታውን አሽጌ ሰጠኋት። በደግነቴም ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በአሥረኛው ቀን ተመለሱ። ተከልክለዋል። ኮሚቴው ደብዳቤውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰጥቶ አስተረጎመ፤ ገና "ምንም ዓይነት ሥራ" የሚለው ላይ ስትደርስ አንዱ አባል ብድግ አለ። "ምንም? ትናንት ከምንጭ ውሃ ስትቀዳ በዓይኔ አይቻት!" ሌላውም የዐረብ አገር ብር ደብቃ ነው ሲል ጨመረበት። ውሃ መቅዳቷ እውነት ነው። አምስት ሊትር በምትይዝ ጀሪካን፣ መንገድ ላይ ሦስቴ እያረፈች።

"ወላሂ ዶክተር፣ ውሸታም አሰኙኝ" አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። አዛኝ ቅቤ አንጓች የሚባለው እኔ ነበርኩ። አንድ ዕድል ነው የቀራት፤ ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ሐሙስ ማመልከት።

እንደገና መረመርኳት፤ በዚህ ጊዜ እንደሚገባው። ኮሪደሩን አስኬድኳት፣ አስጎነበስኳት፣ ከወለል ዕቃ አስነሣኋት። ጠዋት ከተነሣች እስክትተኛ ምን እንደምትሠራ አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ቁጭ ብላ ታበስላለች። ልብስ በትንሽ በትንሹ ታጥባለች። ገበያ ለመድረስ ሌላው ሰው በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ እሷ ሁለት ሰዓት ትፈጅበታለች። ከዚያ ለራጅ ላክኋት።

እሷ ስትወጣ እናትዮዋ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛዬ ሳብ አደረጉ። "ልጄ፣ ይሻላታል ወይ?"

የተጎዳው ነርቭ ነው፣ በሁለት ዓመት ያልተመለሰ ከእንግዲህ ይመለሳል ብዬ አላስብም አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዳትሰማ። ተሽሎኝ እመለሳለሁ ብላ ነው እምትኖረው። ፓስፖርቷን ሣጥን ውስጥ አኑራዋለች፣ በየጊዜው እያወጣች ታየዋለች።"

በእኛ አገር ክፉ ወሬ የሚነገረው ለዘመድ ነው፤ የበሽተኛው ጆሮ ይጠበቃል። ይህን ልማድ ስንት ጊዜ ተችቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተገላገልኩ። ራጁን ይዛ ተመልሳ "ምን ይላል?" ስትለኝ "አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ስብራቱ ገጥሟል" አልኳት። አጥንቱማ ገጥሞ ነበር። ነርቩን አላነሣሁትም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ በአማርኛ፣ ቀበሌው በሚረዳው ቃል ጻፍኩት። የካርድ ቁጥሯን፣ የመረመርኩበትን ቀን፣ ራጁ ያሳየውን አሰፈርኩ። እሷ የነገረችኝን "እንደገለጸችው" ብዬ፣ እኔ ያየሁትን "በምርመራ እንደተረጋገጠው" ብዬ ለየሁት። በምርኩዝ ሜዳ ላይ ትሄዳለች፤ ዳገት ያለ ረዳት አትወጣም። እስከ አምስት ሊትር ውሃ እያረፈች ትሸከማለች፤ ከዚያ በላይ አትችልም። ጎንበስ ብላ መቆፈር፣ ድንጋይ ማንሣትና መሸከም አትችልም። በመጨረሻም፦ "ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ያለፈው በመሆኑ ወደፊት ይሻሻላል ተብሎ አይጠበቅም።" ይህችን ዐረፍተ ነገር መተው አልችልም ነበር። ይሻላታል ከተባለ ድጋፉ ለጊዜው ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ እርከን ትጠራለች። ድጋፍ ይገባታል ወይ አይገባትም የሚለውን ግን አልጻፍኩም፤ እሱን የሚወስነው ኮሚቴው ነው።

ከዚያ በኋላ እንደ ልማዴ ፖስታውን አሽጌ ሰጠኋት።

በሦስተኛው ሳምንት ብቻዋን መጣች። ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች።

"ተፈቀደልን፣ አልሐምዱሊላህ። ቀጥታ ድጋፍ ገባን።"

ደስ አለኝ። እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። ቅሬታ የሚታየው በቀበሌው ግቢ፣ ሕዝቡ ፊት ኖሯል፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከኮሚቴው አንዱ፣ የግብርና ባለሙያው፣ ደብዳቤውን ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበው። አምስት ሊትር የሚለው ላይ ሲደርስ ያ ምንጭ ላይ አየኋት ያለው ሰውዬ "እሱስ ልክ ነው፣ ሦስቴ ነው እምታርፈው" አለ። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም።

"ግን ዶክተር፣ ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው" አለች። "እሷን ከአገሩ ሰው እኩል ነው የሰማኋት።"

"እናትሽ..." ብዬ ጀመርኩና አፈርኩ፤ ጥፋቴን በአሮጊት ላይ ልለጥፍ ነበር።

"እማም ታውቅ ነበር?"

አንገቴን ደፋሁ።

"እንግዲያ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።" ጠረጴዛዬ ላይ የተከመሩትን ወረቀቶች አየቻቸው። "ለእነሱ በደህና አማርኛ ጽፈውላቸዋል። አሁን ለእኔም እንደዚያው አድርገው ይንገሩኝ።"

በር ላይ ስምንት ሰው እየጠበቀኝ ነበር። ወንበሬን ወደ እሷ አዙሬ ነገርኳት። ነርቩ የት እንደተጎዳ፣ እግሯ ለምን እንደማይታዘዛት፣ እዚህም ሆነ አዲስ አበባ የሚመልሰው ሕክምና እንደማላውቅ። ዐረብ አገር ልትመለስ ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ሥራ አትችይውም አልኳት። ከዚያ በፊት ለማንም እንደዚያ በቀጥታ ተናግሬ አላውቅም። ጨርሼ "አብሽሪ" ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"አብሽሩ ዶክተር" አለችና ምርኩዟን አነሣች።