ለእሳቸው የወጣው ቁጥር

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳይደርሰኝ ሲቀር፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሽያጭ ቢሮ ገባሁ። ቤት መቀመጥ አልችልም፤ ከተቀመጥኩ ከሰው እጣላለሁ። ቢሮውም ያው መቀመጥ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ ከመስኮቱ ማዶ የሚጫኑ መኪኖች። ሥራዬ ባንክ የገባውን ገንዘብ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ ለይቼ ዱቄት ይጫንለት ብዬ መፈረም ነው።

ሲሰሙት ቀላል ነው። ፋብሪካው አንድ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነበረው፤ ከአማኑኤል፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ከጉንደ ወይን የሚገዛው ሁሉ እዚያው ላይ ያስገባል። ጠዋት ከባንክ የሚመጣልኝ ዝርዝር ግን «ጥሬ ገንዘብ ገቢ» ይልና የቅርንጫፉን ስምና ልኩን ብቻ ይነግረኛል። ማን አስገባ፣ ለማን አስገባ፣ የለበትም። ደንበኛው ከባንክ የተሰጠውን ወረቀት ይዞ ካልመጣ የማየው ባለቤት የሌለው ቁጥር ነው። በዚያ ላይ ነጋዴ ራሱ ባንክ አይሄድም። ወደ ማርቆስ የሚወርድ ካገኘ ለሾፌርም ለጎረቤትም ይሰጣል። ስለዚህ እኔ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነኝ፤ «ትናንት ሃያ ስድስት ሺህ ያስገቡት እርስዎ ነዎት?»

ሃያ ስድስት ሺህ የሃያ ኩንታል ዋጋ ነበር። ሁሉም ሃያ ሃያ ኩንታል ነው የሚወስደው። ችግሩም እሱ ነው።

አማኑኤል ውስጥ ዳቦ የሚጋግሩ አንድ እናት ነበሩን። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዝምተኛ፣ ክንዳቸው ላይ የምድጃ ጠባሳ ያለባቸው። ምድጃቸውን ትተው መምጣት ስለማይችሉ ገንዘቡን የሚያስገባላቸው ማርቆስ የሚመላለስ ጎረቤታቸው መምህር ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ረቡዕ ጠዋት ዝርዝሩ ላይ ከማርቆስ ቅርንጫፍ አንድ ሃያ ስድስት ሺህ አገኘሁ። የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ሃያ ኩንታል ለሚወስድ አንድ የጉንደ ወይን ነጋዴ ደወልኩ። ሾፌሬን ልኬው ነበር፣ የእኔ መሆን አለበት አለኝ። በእሱ ስም መዘገብኩት፤ ተጫነለት።

አርብ እናትየዋ ምድጃቸውን ትተው ራሳቸው መጡ። መምህሩ ማክሰኞ ከሰዓት አስገብቶልኛል አሉ። ወረቀቱን ስጡኝ አልኳቸው። ወረቀቱን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ረስተውት ከሽርጡ ጋር አጥበውታል፤ ያወጡልኝ የደረቀ ነጭ ፍርፋሪ ነው። ዝርዝሩን ገለበጥኩ። ባለቤቱ ሳይታወቅ የቀረ ገንዘብ የለም።

«ልጄ፣ እኔ ከፍያለሁ።»

«እትዬ፣ ሁሉም ከፍያለሁ ነው የሚለው። እኔ በቃል ዱቄት አልጭንም።»

ከኋላቸው የቆሙ ሁለት ነጋዴዎች ሳቁ። እሳቸው ሳቁን ሰምተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ አዝኖ፣ ለነገ የሚጋግሩት እንኳ ይኑራቸው ብሎ ለመነኝና አንድ ኩንታል በዱቤ ፈረምኩ። ያንን ውለታ አድርጌ ቆጠርኩት።

መሄድ እችል ነበር። ባንኩ ከቢሯችን ማዶ ነው። መምህሩን ይዤ ሄጄ የማክሰኞን ወረቀቶች አሳዩን ብል፣ በሩብ ሰዓት ይታወቅ ነበር። አልሄድኩም። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ትክክል ነኝ ብዬ ነው።

የቀራቸው ገንዘብ ስላልነበረ ዳቦ ቤቱ ክረምቱን አልተሻገረም። ምድጃቸውን ሸጠው ደብረ ኤልያስ ልጃቸው ጋ ገቡ መባሉን ከሾፌሮቹ ሰማሁ። አማኑኤል ውስጥ የሚሉት ግን ሌላ ነበር፤ ሳይከፍሉ ዱቄት ሊወስዱ ሲሉ ተይዘው ነው እያሉ ነበር። ያ ወሬ የወጣው ከእኔ ጠረጴዛ ነው።

በዓመቱ ባንኩ አዲስ አሠራር አመጣ። ከባንኩ የተላከው ልጅ ሲያስረዳን ቨርቹዋል አካውንት ነው ያለው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ቁጥር ይወጣለታል። መጀመሪያው የሁሉም አንድ ነው፤ መጨረሻው ይለያል። ቁጥሩ ገንዘብ የሚቀመጥበት ሌላ ሒሳብ አይደለም፤ ገንዘቡ አሁንም የሚገባው እዚያው የፋብሪካው አንድ ሒሳብ ነው። ግን ዝርዝሩ ሲመጣ ከእያንዳንዱ ገቢ አጠገብ የተከፈለበት ቁጥር አብሮ ይወጣል። ሾፌር ያስገባው፣ መምህር ያስገባው፣ ከየትኛውም ቅርንጫፍ ይሁን፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ አለኝ። እኔ ደስ አለኝ፤ ከስልኩ ተገላገልኩ።

ቁጥሩ ከመሰጠቱ በፊት ግን የእያንዳንዱን ደንበኛ ያለፈ ሒሳብ አስተካክለን ማስፈረም ነበረብን። የጉንደ ወይኑ ነጋዴ ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ መጣ። አንድ በአንድ አመሳከርን። እኔ ጋ በስሙ የተመዘገበው ከወረቀቶቹ በአንድ በለጠ።

«ይኼ የአምናው ረቡዕ ዝርዝር ላይ የወጣው የእኔ አይደለም፤» አለ። «ሾፌሬ መኪናው ተበላሽቶበት አርብ ከሰዓት ነው ያስገባው። ይኸው ወረቀቱ።»

የአርቡንም በስሙ መዝግቤው ነበር። ትርፍ የተመዘገበለት ገንዘብ በሚቀጥለው ጭነት ታስቦለት ነበር፤ እሱም ሳይጠይቅ፣ እኔም ሳልጠይቅ። ባንክ ሄድኩ፤ የዚያን ማክሰኞ ወረቀት አስወጣሁ። የመምህሩ ፊርማ ነበረበት።

ሥራ አስኪያጁ ገንዘቡ ይመለስላቸው አለ። እኔው ላድርስ ብዬ ደብረ ኤልያስ ሄድኩ። አልጋ ላይ ነበሩ፤ ከስተዋል። ልጃቸው ቀና አደረገቻቸው። ገንዘቡን አስረከብኩ። የዱቤውን ኩንታል እንኳ አልቀነስኩም፤ በምን ዓይኔ። ከዚያ ምን እንደምል ስላላወቅሁ፣ ለእሳቸውም ቁጥር እንደወጣላቸው ነገርኳቸው። የጻፍኩበትን ብጣሽ ወረቀት እጃቸው ላይ አደረግሁ።

«የኔ ብቻ ነው?»

«አዎ እትዬ። ማንም ሰው ቢያስገባልዎ በእርስዎ ስም ነው የሚመጣልኝ። ወረቀት ቢጠፋም።»

ብጣሿን ብዙ አዩዋት። ማንበብ አይችሉም።

«አንቺ ግን ያኔ ፊቴን አይተሽዋል፤» አሉኝ።

ይቅርታ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እኔ ለአማኑኤል ሰዎች እነግራለሁ ብዬ ማልኩ። ስመለስ ወርጄ ነገርኩ፤ ሦስት ሱቅ ገብቼ። ሰሙኝ፤ አንዱ «እሺ፣ ታዲያ አሁን ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ምድጃው የነበረበት ቤት ፀጉር አስተካካይ ገብቶበታል።

ብዙ አልቆዩም፤ ዐረፉ። ባንኩ የማይሠራባቸውን ቁጥሮች እንዘጋለን ብሎ ስም ዝርዝር ሲጠይቀኝ የሳቸውን ዘለልኩት።

አርባቸው ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ዝርዝሩ መጣ። ከደብረ ኤልያስ ቅርንጫፍ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር። አጠገቡ የሳቸው ቁጥር። ያ በዱቤ የፈረምኩላቸው የአንድ ኩንታል ዋጋ ነው። ማን እንደከፈለ ለመጠየቅ ስልክ አላነሳሁም። ለልጃቸው ተናዝዘው መሆን አለበት።

ደረሰኙን በስማቸው ቆረጥኩ። የሚወስደው ሰው ስላልነበረ ሥራውን እስከለቀቅሁበት ቀን ድረስ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።